ዘይቱ ሲስተሙ ላይ አለ፣ መደርደሪያው ላይ የለም

*«ሰላም። ደሴ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤታችን የሽያጭ ዳታ እሠራለሁ። በየሰኞው ለኮምቦልቻው ሱቃችን ሥራ አስኪያጅ የሳምንቱን ሽያጭ ማጠቃለያ በኢሜይል እልካለሁ፤ ግልባጩ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይሄዳል። ከኢድ በኋላ ባለው ሳምንት ሽያጩ ከ910 ሺህ ብር ወደ 640 ሺህ ወረደ። እኔም ‹ሽያጭ በ30 በመቶ ቀንሷል፤ ባለ 5 ሊትር ዘይት ስቶክ ላይ 60 ጀሪካን እያለ ከረቡዕ ጀምሮ አልተሸጠም› ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ወዲያው ደወሉ። ‹አንቺ ልጅ፣ መጋዘኑ ባዶ ነው! ደሴ ቁጭ ብለሽ ሥራ ፈቶች ናቸው ትይናለሽ?› አሉኝ። በኋላ ሳጣራ ዘይቱ ማክሰኞ ከደሴ መጋዘን ወጪ ተደርጎ፣ መኪናው በመበላሸቱ እስከ እሑድ ጠዋት እዚሁ ደሴ ቆሞ ነበር። አሁን ኢሜይል ለመጻፍ ስቀመጥ እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ብዬ ልጻፍ? የየቀኑን ሽያጭ ሠንጠረዥ አያይዣለሁ። — ከደሴ፣ ፒያሳ»*

እህቴ፣ በሰውየው አይፈረድም። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ «ዘይት አለ?» ለሚል ደንበኛ ሁሉ «የለም፣ ነገ ሞክሩ» ሲሉ የከረሙ ሰው ናቸው። በዚያ ላይ ያንን ዓረፍተ ነገር አለቃቸውም አንብቦታል። አንቺም ብትሆኚ አልዋሸሽም፤ ስክሪኑ ላይ ያየሽውን ነው የጻፍሽው። ስክሪኑ ላይ ያለው 60 ግን አንቺ የመሰለሽን አይደለም። ስለዚህ ይቅርታው ትንሽ ይቆየንና መጀመሪያ ቁጥሩን እናስተካክል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

ከ60ው ጀሪካን እንነሳ። ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ አንድ ወረቀት ይቆረጣል፣ ሱቅ ሲደርስ ደግሞ ሌላ። የመንግሥት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ወጪ በሞዴል 22፣ ገቢ በሞዴል 19። ሁለት ወረቀት ያስፈለገው ለወግ አይደለም። ዕቃው በሁለቱ መሀል መንገድ ላይ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ነው። የእናንተ ሲስተም ግን ከገለጽሽው እንደምረዳው፣ ደሴ ላይ ወጪ ሲደረግ ያኔውኑ ኮምቦልቻ ላይ ገቢ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ መመዝገብ ስለሚቀል ብዙ ድርጅት እንዲህ ነው የሚሠራው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት የተጫነ ዕቃ ከሰዓት በፊት ይራገፋል። መኪናው ደህና እስከሆነ ድረስ ልዩነቱ ማንም ላይ አይታይም። የሚታየው መኪናው ጋራዥ የገባ ዕለት ነው። ያኔ ሲስተሙ አራት ቀን ሙሉ ኮምቦልቻ ዘይት አለ ይላል፣ ዘይቱ ግን ደሴ ነው።

ይህን ከቢሮሽ ሳትወጪ መጠርጠር ይቻል ነበር ወይ? ይቻል ነበር። ሠንጠረዥሽን አየሁት። ያ ዘይት ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ወደ 8 ጀሪካን፣ ቅዳሜ 16፣ እሑድ 6 ገደማ ይሸጣል። በቀን 8 የሚሸጥ ዕቃ ሐሙስ ዜሮ፣ ዓርብም ዜሮ ካለ፣ ስቶኩ ደግሞ 60 ካለ፣ ገዢ ጠፋ ብሎ ማሰብ የመጨረሻው ነገር ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ነገር ይጠረጠራል። አንደኛ ዕቃው አልደረሰም። ሁለተኛ ደርሷል፣ ግን ጓዳ ውስጥ ነው፤ መደርደሪያ ላይ አልወጣም። ሦስተኛ እየተሸጠ ነው፣ ግን ካሸሯ በሌላ ዕቃ ኮድ ነው የምትመታው። ሦስተኛው ቶሎ ይጣራል፤ ባለ 3 ሊትሩ በድንገት ዘልሎ እንደሆነ ማየት ነው። ያንቺ ሠንጠረዥ ላይ አልዘለለም። የፊተኞቹን ሁለት የሚለያቸው ስልክ ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት «ጋሼ፣ ከትናንት ቀትር ወዲህ ባለ 5 ሊትር ዘይት አልታየኝም፣ ዕቃው ደርሷችኋል ወይ?» ብትያቸው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ምናልባትም ሌላ መኪና ተፈልጎ ዘይቱ ለቅዳሜ ይደርስ ነበር። ጥያቄው የሐሙስ ጥያቄ ነው፤ ለሰኞ ኢሜይል አይቀመጥም።

አሁን ወደ 30 በመቶው። 910 ሺህ የተሸጠው ለኢድ በሚገዛበት ሳምንት ነው። ከዚያ ሳምንት ጋር ሲወዳደር የማይወርድ ሳምንት የለም። የዱቄቱ፣ የዘይቱ፣ የስኳሩ ግዢ ወደ በዓሉ ሳምንት ተስቦ ሄዷል፤ ቤት ያለው ዕቃ እስኪያልቅ ሰው ሱቅ ብዙ አይመጣም። ከበዓሉ በፊት የነበሩት አራት ተራ ሳምንታት ሠንጠረዥሽ ላይ አሉ፤ አማካያቸው 740 ሺህ ነው። መለኪያሽ እሱ ይሁን። ስለዚህ የጎደለው 270 ሺህ አይደለም፣ 100 ሺህ ነው። 100 ሺህም ቀላል አይደለም፤ ግን ሌላ ነገር ነው፤ 30 በመቶ ወረደ የተባለ ሱቅና 13 በመቶ ተኩል ወረደ የተባለ ሱቅ አንድ ዓይነት ስብሰባ አይጠራባቸውም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ላወዳድር» ብለሽ እንዳትሳሳቺ። ወሎ ውስጥ ገበያው ሁለት የበዓል አቆጣጠር ይከተላል። ኢድ በእኛ ካላንደር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል፤ ፋሲካም የራሱ መዋለል አለው። በ2017 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በቀናት ልዩነት ነው የገቡት። እንዲህ ባለ ዓመት የዘይት ሽያጭ ሌላ መልክ አለው። ካለፈው ዓመት ጋር ማወዳደር ካስፈለገሽ ቀኑን ሳይሆን ከኢድ በኋላ ስንተኛ ሳምንት እንደሆነ ቆጥረሽ አወዳድሪ።

እሺ፣ 100 ሺህ ጎደለ። ሥራ አስኪያጁ ማወቅ የሚፈልጉት ይህን ነው፤ ስንቱ በዘይቱ ምክንያት፣ ስንቱ በገበያው? አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሽያጭ ሠንጠረዥ የተሸጠውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ፈልጎ፣ ጠይቆ፣ አጥቶ የወጣውን ሰው አያውቀውም። ሐሙስ ላይ ያለው ዜሮ «ማንም አልፈለገም» ማለት አይደለም፣ «የሚሸጥ አልነበረም» ማለት ነው። ስለዚህ ያጣሽውን ሽያጭ ከዕቃው መደበኛ ቀናት ተነስተሽ ራስሽ መገመት አለብሽ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሠንጠረዥሽ ላይ ቀን፣ የሳምንቱ ዕለት፣ የተሸጠ ብዛት አለሽ። አንድ ዓምድ ጨምሪ፤ ዕቃው ቀኑን ሙሉ ከነበረ 1፣ ካልነበረ ወይም መሀል ላይ ካለቀ 0። ከዚያ የእያንዳንዱን ዕለት አማካይ ዕቃው ከነበረባቸው ቀናት ብቻ ታወጫለሽ። ዕለቱ B፣ ብዛቱ C፣ አዲሱ ዓምድ D ላይ ከሆነ፣ ለአራቱ ተራ ሳምንታት፣ ማለትም ለ28 ረድፍ፣ የቅዳሜው እንዲህ ነው፦

```
=AVERAGEIFS(C2:C29,B2:B29,"ቅዳሜ",D2:D29,1)
```

ዕለቱ መለየቱን አትዝለዪው። የሳምንቱን ጠቅላላ ለሰባት አካፍለሽ ብትጠቀሚ ቅዳሜን ታሳንሻለሽ፤ ዘይቱ የጠፋው ደግሞ ቅዳሜን ጨምሮ ነው። ባዶ የነበሩትን ቀናት ከአማካዩ ማውጣትሽም እንደዚያው ነው። ዜሮዎቹን ከተውሻቸው አማካዩ ይወርዳል፤ የወረደው አማካይ ደግሞ ቀጣዩን ትእዛዝ ያሳንሳል፤ ያነሰው ትእዛዝ እንደገና ባዶ መደርደሪያ ያመጣል። ራሱን በራሱ የሚያሳንስ ዕቃ ብዙ ሱቅ ውስጥ አይቻለሁ፤ ሁሉም «ይሄ እኮ አይሸጥም» ይለዋል።

ሒሳቡን እናውጣው። የመጨረሻው የዘይት ደረሰኝ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ነው። የረቡዕ ከሰዓት 4፣ የሐሙስ 8፣ የዓርብ 8፣ የቅዳሜ 16፤ በድምሩ 36 ጀሪካን። አንዱ በ1,300 ብር ሲባዛ 46,800 ብር ይመጣል። ግን ሁሉም ባዶ እጁን አልሄደም። በእነዚያ ቀናት ባለ 1 ሊትሩ ከወትሮው በ30 ጠርሙስ በልጦ ተሸጧል፤ በ280 ብር 8,400 መሆኑ ነው። እሱ ይቀነሳል። የቀረው 38,400 ብር፣ በግርድፉ 38 ሺህ ነው።

ይህ ዝቅተኛው ግምት ነው። ለምን ቢባል፣ ዘይት ፈልጎ የመጣ ሰው ዘይት ብቻ አይገዛም። ፓስታውን፣ ሳሙናውን፣ ጨውንም እዚያው ነው የሚያነሳው። ዘይት ካጣ ጎረቤት ሱቅ ይሄድና ሁሉንም እዚያ ይገዛል። ይህን ደግሞ በደረሰኝ ቁጥር ማየት ይቻላል፤ በሠንጠረዥሽ ውስጥ ካየሁት ሁሉ የወደድኩትም ይህንን ነው።

ሰኞና ማክሰኞ ዘይት ነበረ። በተራ ሳምንት እነዚህ ሁለት ቀናት 400 ደረሰኝ ይቆረጥባቸዋል፤ በዚህ ሳምንት 368 ነው የተቆረጠው። 8 በመቶ ወርዷል። ይህን መውረድ በዘይት ማሳበብ አይቻልም፤ ዘይቱ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ነበራ። ይህ ንጹሕ የገበያ መቀዝቀዝ ነው። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ በተራ ሳምንት 700 ደረሰኝ ነው፤ በዚህ ሳምንት 626። ገበያው እዚያም በዚያው 8 በመቶ ቢቀዘቅዝ ኖሮ 644 ይሆን ነበር። የጎደሉት 18 ደረሰኞች እንግዲህ ዘይት ሲያጡ ምንም ሳይገዙ የወጡ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ዘይት ያለበት ደረሰኝ ከዘይቱ ሌላ ወደ 500 ብር የሚደርስ ዕቃ ይዞ ነው የሚወጣው። 18 ሰው በ500 ብር፣ 9 ሺህ። ስለዚህ የዘይቱ ጉዳት ከ38 እስከ 47 ሺህ ብር ነው። ከ100 ሺህ ሲቀነስ ለገበያው ከ53 እስከ 62 ሺህ ይቀራል። የ740 ሺህ 8 በመቶ ስንት ነው? 59 ሺህ። መሀሉ ላይ ገባ። ሁለት የተለያየ መንገድ ሄደን አንድ ሠፈር ከደረስን ግምቱን በድፍረት መጻፍ ይቻላል። ባይገናኙ ኖሮ ሌላ ያላየነው ነገር አለ ማለት ነበር፤ ዋጋ ተቀይሮ ወይም ሌላ ዕቃም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ግን አትኩራሪበት። አራት ቅዳሜ ብቻ ነው ያለሽ፤ አንዱ ቅዳሜ ዝናብ ወይም ለቅሶ ቢኖርበት አማካዩ ይንጋደዳል። ስለዚህ ኢሜይሉ ላይ «38,400» ብለሽ አትጻፊ። እስከ መቶ ብር የወረደ ቁጥር ያየ ሰው ተቆጥሮ የተገኘ ይመስለዋል። «ከ38 እስከ 47 ሺህ ገደማ» በይ። ቆጥረሽ ያገኘሽውን «ነው» በይው፤ የገመትሽውን «ይመስላል» በይው። ሰውየው አርባ ዓመት ቢነግዱ እንኳ የማይከራከሩበት ኢሜይል እንዲህ ያለው ነው።

ሌላ ትንሽ የምትመስል ግን የምታጣላ ነገር አለች። ሲስተማችሁ የመጨረሻውን የዘይት ደረሰኝ ያተመው 12:10 ብሎ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 ማለት ነው። እሳቸው ግን «12 ሰዓት ከ10» ብለው ካነበቡት ምሽት ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ የግማሽ ቀኑ ሒሳብ ይበላሻል፣ «ረቡዕማ ቀኑን ሙሉ ነበረ ማለቷ ነው» ይሉሻል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ቀኑን በዕለት ስምና በኢትዮጵያ ቀን ጻፊላቸው።

እንግዲህ ኢሜይሉ። ከስልክ ስክሪን አይብለጥ። የሱቅ ሥራ አስኪያጅ ኢሜይል የሚያነበው ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ካሸሯ ላይ አድርጎ ነው። ኤክሴሉን አያይዢው፣ ግን ማንም እንደማይከፍተው አስበሽ ጻፊ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

> ርዕስ፦ ኮምቦልቻ፣ የሳምንቱ ሽያጭ እርማት፤ የዘይት ትእዛዝ ላይ ውሳኔዎን እፈልጋለሁ
>
> ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ።
>
> ሰኞ የላክሁት ማጠቃለያ ሁለት ቦታ ላይ ስሕተት ነበረበት፤ ይህ ይተካው። ግልባጩ የሰኞው ለደረሳቸው ሁሉ ተልኳል።
>
> የሳምንቱ ሽያጭ 640 ሺህ ብር ነው። ከተራ ሳምንት አማካይ (740 ሺህ) በ100 ሺህ ያንሳል። ከዚያ በፊት የነበረው ሳምንት 910 ሺህ የኢድ ግዢ ስለነበረበት ለማወዳደሪያ አይሆንም።
>
> ባለ 5 ሊትር ዘይት ሱቅ ውስጥ ያለቀው ረቡዕ 6 ሰዓት አካባቢ ነው። ሲስተሙ ያሳየው 60 ጀሪካን ማክሰኞ ከደሴ ወጪ የተደረገው ሲሆን፣ መኪናው በመበላሸቱ ሱቁ የደረሰው እሑድ ጠዋት ነው። በዚህ ምክንያት የቀረው ሽያጭ ከ38 እስከ 47 ሺህ ብር ይመስላል።
>
> ቀሪው ከበዓል በኋላ ያለ የገበያ መቀዝቀዝ ይመስላል። ዘይት በነበረባቸው ሰኞና ማክሰኞም የደረሰኝ ቁጥር በ8 በመቶ ወርዶ ነበር።
>
> የምጠይቅዎ፦ አሁን 20 ጀሪካን ሲቀር ነው የሚታዘዘው። 40 ሲቀር ብናደርገው ይስማማሉ? በመደርደሪያና በጓዳ የሚቀመጠው ዕቃ በ25 ሺህ ብር ያህል ይጨምራል። እስከ ረቡዕ ቢያሳውቁኝ ለመጋዘን አስተላልፋለሁ።
>
> እርስዎ ሱቁ ላይ ያዩት፣ እኔ ግን ያላየሁት ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ አስተካክላለሁ።

ልብ በይ፣ «ጥፋቱ የሱቁ አይደለም» የሚል ቃል የለበትም። ማክሰኞ ወጣ፣ እሑድ ደረሰ ከተባለ ጥፋቱ የማን እንዳልሆነ ማንም ያያል። እንዲሁም የሾፌሩም የመጋዘን ኃላፊውም ስም የለበትም። ኮምቦልቻን ካስቀየምሽ በኋላ ደሴን አስቀይመሽ መጽናናት አይቻልም፤ ነገ ዕቃው መቼ እንደሚጫን የሚነግርሽ ያው የመጋዘኑ ሰው ነው።

ከመላክሽ በፊት ደውዪላቸው። በስልክ የተቀየመን ሰው በጽሑፍ ብቻ ማባበል አይሆንም። ረጅም ወሬ አያስፈልግም፤ «ጋሼ፣ ዘይቱ ደሴ ቆሞ እንደነበር አጣርቻለሁ፤ ሳልጠይቅዎ መጻፌ ልክ አልነበረም። እርማቱን ለሁሉም ልልክ ነው፤ ከመላኬ በፊት ላንብብልዎ?» በይ። ራሳቸው ያንብቡት ወይም አንብቢላቸው፤ ምናልባት ሠንጠረዥሽ ውስጥ የሌለ ነገር ይነግሩሻል። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ስንት ሰው ዘይት ጠይቆ ምንም ሳይገዛ እንደሄደ ካሸሯ ታስታውስ ይሆናል። ያ ቁጥር ከ18ቱ ደረሰኝ ጋር ከተቀራረበ እሰየው። ከዚያ ግልባጩ ላይ ዋና ሥራ አስኪያጁን አትርሺ። ክሱን አለቃ ፊት አቅርቦ ይቅርታውን በጓዳ መጠየቅ ያስተዛዝባል።

ስለ 40ው ጥቂት ልበል፤ መጠየቃቸው አይቀርምና። ሰኞ ጠዋት 20 ጀሪካን ሲቀር ነበር የታዘዘው። ሰኞ 8፣ ማክሰኞ 8፣ ረቡዕ ጠዋት 4፤ አለቀ። ትእዛዙ እንደወትሮው በሁለት ቀን ቢደርስ ኖሮ ለጥቂት ይተርፍ ነበር። ስለዚህ 20 የሚሠራው ምንም ካልተበላሸ ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት እንደሆነው ስድስት ቀን ለሚፈጅ ትእዛዝ እንዘጋጅ ካልሽ ደግሞ 56 ጀሪካን ያስፈልጋል፤ ይህ ግን በአንድ የተበላሸ መኪና ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ማሰር ነው። ዘይት ላይ ያለው ትርፍ ቀጭን መሆኑን እሳቸው ካንቺ በላይ ያውቁታል፤ በ1,250 ገዝቶ በ1,300 የሚሸጥ ሰው ስቶክ ለማብዛት አይቸኩልም። 40 ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ አራት ቀን ይችላል፤ የገበያውን ቀን ጨምሮ። እኔ ብሆን እዚያ ላይ አቆማለሁ። እሳቸው «30 ይበቃኛል» ካሉ ግን አትከራከሪ፤ የጓዳው ስፋትም የኪሱም ጉዳይ የእሳቸው ነው። ዘይት በ50 ብር ትርፍ ቢሸጥም ደንበኛውን ወደ ሱቁ የሚያስገባው እሱ መሆኑን ግን 18ቱን ደረሰኝ ጠቅሰሽ አስታውሻቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚበልጠው ግን የሲስተሙ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ለራስሽ አለቃ አቅርቢው። ወጪ የተደረገ ዕቃ ሱቁ ቆጥሮ እስኪረከብ ድረስ «በመንገድ ላይ» በሚል ለብቻው ይቀመጥ። ፕሮግራሙ ይህን የማይችል ከሆነ «መንገድ» የሚባል አንድ ተጨማሪ መጋዘን ከፍቶ መጀመሪያ ወደዚያ፣ ሲደርስ ወደ ሱቁ ማዘዋወር ይቻላል። እስከዚያው በየጠዋቱ ትናንት ዜሮ የተሸጠባቸውን፣ ስቶካቸው ግን ባዶ ያልሆነ ፈጣን ዕቃዎች አጣሪ። ዝርዝሩ ከአምስት ዕቃ አይበልጥም፤ በቴሌግራም ልከሽ «አለ ወይስ የለም?» ብሎ መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም።

ለመጪው ሰኞ አንድ ነገር ጠብቂ። ዘይቱ እሑድ ስለገባ፣ ሳያገኙ የከረሙት ሰዎች እሑድና ሰኞ ተረባርበው ይገዛሉ። የእነዚያ ቀናት ሽያጭ ከወትሮው ከፍ ይላል። ያንን አይተሽ «የዘይት ፍላጎት ጨምሯል» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ወደ አማካዩም እንዳታስገቢው። D ዓምድ ላይ ለእነዚያ ሁለት ቀናትም 0 አድርጊባቸው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ወደ 1 መልሺ።